ተረብ ነው ወይስ ጠብ? የልጆችን መሰዳደብ ለመለየት የሚረዳ መመሪያ

«ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ቁጭ ብሎ ሲሰዳደብ እሰማለሁ። ዝም ልበል ወይስ ልግባ?»

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ስለማስተምር ይህን ጥያቄ በወላጅ ስብሰባም፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥም፣ በስልክም እጠየቃለሁ። መልሱ በአንድ ቃል አያልቅም። ስለዚህ አንዴ ጽፌ ለጠያቂው ሁሉ ልስጠው ብዬ ነው።

የምጽፈው በተለይ ከ13 እስከ 18 ዓመት ስላሉ ወንዶች ልጆች ነው። ሴቶቹም ይተራረባሉ፤ በእነሱ ዘንድ የሚለየውን ወደ ኋላ ላይ አነሣለሁ።

መጀመሪያ፦ ተረብ እንዴት ይሠራል?

በልጅነታችሁ እንካ ሰላንቲያ ተጫውታችሁ ከሆነ ሕጉን ታውቁታላችሁ።

— እንካ ሰላንቲያ!
— በምንቲያ?
— በጎመን።
— ምን አለህ በጎመን?
— ጎመን ከጓሮ ይቀጠፋል፤ ጫማህን ስታወልቅ አፍንጫዬ ይጠፋል!

የተሰደበው ልጅ አይናደድም። ተራውን ጠብቆ የባሰ ያመጣል። የተናደደ ተሸንፏል። ፈራጁ ደግሞ ከጎን ቆሞ የሚስቀው ነው። የዛሬ ልጆች ቤት መምታቱን ትተውታል፤ ሕጉን ግን አልተውትም።

ለምን እንደዚህ ያደርጋሉ? ለማያውቁት ልጅ ምን ያህል ጨዋ እንደሆኑ ተመልከቱ። አዲስ የመጣ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ማንም አይሰድበውም። «እዚህ ጋ ተቀመጥ» ይሉታል፣ እስክሪብቶ ያውሱታል፣ በስሙ ይጠሩታል። የቅጽል ስም ያወጡለት ቀን ግን ገብቷል ማለት ነው። ስድቡ «እኔና አንተ በዚህ አንጣላም» የሚል መልእክት አለው። መልእክቱን የሚቀበለው ደግሞ ስቆ በመመለስ ነው። ስለዚህ ከቡድኑ መሀል ጭራሽ የማይሰደብ ልጅ ካለ፣ ወይ በጣም ይፈሩታል ወይ ገና እንደ እንግዳ ያዩታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከደብተር የተገነጠለ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ።
- ሁለት ሳምንት። በአንድ ቀን የሰማችሁት ነገር ያሳስታል።
- ቆሎ ወይም ዳቦ። ልጆቹ እናንተ ቤት እንዲሰበሰቡ ከፈለጋችሁ የሚበላ ነገር ይኑር። ከጓዳ ሆኖ መስማት የሚቻለው ቤት ሲመጡ ብቻ ነው።
- ከልጁ ጋር ጎን ለጎን የምትሠሩት ሥራ፦ ቡና መቁላት፣ እንጨት መፍለጥ፣ ገበያ መሄድ። ለ5ኛው ደረጃ ነው።

የልጁ ስልክ አያስፈልግም። ተደብቃችሁ ከከፈታችሁት የምታገኙት ሳቅና ድምፅ የሌለው ጽሑፍ ነው፤ ሁሉም ጠብ ይመስላችኋል። ልጁ ያወቀ ቀን ደግሞ ሌላ ነገር አይነግራችሁም።

1ኛ ደረጃ፦ አትግቡ፣ ጻፉ

ወረቀቱን በአራት ክፈሉት፦ ማን፣ ማንን፣ በምን፣ ምን መለሰ። የሰማችሁትን ባጭሩ አስፍሩ። ምክንያቱም ቃሉ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። «አንተ ደደብ» ሰኞ ፍቅር፣ ሐሙስ ንቀት ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ያለው በቀሪዎቹ ሦስት ክፍሎች ነው።

አንድ የማውቀውን ቤት እንደ ምሳሌ ልውሰድ፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጬዋለሁ። ልጁ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ወላጆቹ ገጠር ናቸው፤ እሱ ከተማ አክስቱ ቤት ተቀምጦ ይማራል። ቅዳሜ አገር ቤት ወርዶ እሑድ ማታ ስንቁን ይዞ ይመለሳል። ጓደኞቹ «በሶ» ብለውታል። አክስቱ ስሙን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ወረቀቷ ላይ የመጀመሪያው ሳምንት ግን ይህን ይመስል ነበር፦

ረጅሙ ልጅ፦ «አንተ በሶ፣ ስትስቅ ዱቄት ይበናል እኮ!»
በሶ፦ «አንተ ዝም በል፤ ክረምት የሚገባው አንተ ስትነሣ ደመናውን በራስህ እየነካኸው ነው።»
ሦስተኛው፦ «ተዉት፣ ካልሲውን ጨሞጋ ላይ ቢያጥብ ዓሣው ሁሉ ተሰዶ አባይ ይገባል።»

ሦስቱም እየሳቁ ከአንድ ሰሃን ቆሎ ይዘግናሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ድንጋይ፣ ዱላ ወይም ስለት ካያችሁ፣ ወይም አንዱ የሌላውን ኮሌታ ከያዘ መመዝገቡን ትታችሁ ወዲያው ግቡ።

2ኛ ደረጃ፦ የተባለው ነገር እውነት ነው ወይስ ውሸት?

እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉም የሚበልጠው መለያ ይህ ነው። ሲስቅ ዱቄት የሚበንበት ሰው የለም። ከካልሲ ሽታ የተሰደደ ዓሣም የለም። ማንም ሊያምነው ስለማይችል ማንንም አያዋርድም። ዊልያም ላቦቭ የተባለው አሜሪካዊ የቋንቋ ተመራማሪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኒው ዮርክ ሃርለም ወጣቶችን መሰዳደብ ሲያጠና ያገኘውም ይህንኑ ነው፦ የጨዋታ ስድብ ሰሚው ሁሉ ውሸት መሆኑን የሚያውቀው ነው። እውነት ሲገባበት ጨዋታነቱ ያበቃል።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ስድብ አጠገብ «ው» ወይም «እ» ጻፉ። «በሶ» የሚለው ስም መሀል ላይ ነው፤ ልጁ በእርግጥ በሶ ይበላል። ግን ግማሹ ክፍል ስንቅ ይዞ ነው የሚመጣው፤ በሶ መብላት እዚያ ክፍል ውስጥ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። አክስቲቱ ግን ከተማ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ለእሷ አሳፍሯታል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ የምትለኩት የልጁን ሕመም እንጂ የራሳችሁን አይሁን።

በሁለተኛው ሳምንት ወረቀቱ ላይ ሌላ ነገር መጣ። ከቡድኑ አዲስ የተቀላቀለ አንድ ልጅ እንዲህ አለ፦

«በሶውም ሊያልቅበት ነው። አባቱ መሬቱን ወለድ አገድ ሰጥቶት የለም እንዴ?»

ይህ ማጋነን የለበትም። እውነት ነው፤ ቤተሰቡ ለማንም የማይነግረው እውነት። ድምፁ እንደ ሌሎቹ ስድቦች ነው፣ ሳቁም አለበት። የያዘው ነገር ግን ሌላ ነው። አክስቲቱ «እ» ብላ ጻፈች፤ በወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው «እ» ነበር።

3ኛ ደረጃ፦ መልሱን ስሙ

በጨዋታ ጊዜ የስድብ መልስ ሌላ ስድብ ነው። «ካልሲህ ይሸታል» ሲባል «አይሸትም፣ ትናንት አጥቤዋለሁ» ብሎ የሚከራከር የለም። የሚከራከር ከሆነ ነገሩ ለእሱ ከልብ ሆኗል ማለት ነው።

ሦስት ዓይነት መልሶችን ለዩ። አንደኛው መመለስ ነው፤ ሰላም ነው። ሁለተኛው ማስተባበል ነው፦ «ውሸትህን ነው!»፣ «ማን ነገረህ?»፣ «አባቴን እንዳታነሣ!»። ሦስተኛው ዝምታ ነው፤ ወይም ከንፈር ላይ ብቻ የቀረች ፈገግታ። ከሦስቱ የሚያሳስበው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ያስተባበለ ልጅ ቢያንስ እየተከላከለ ነው፣ ዝም ያለው ግን መከላከሉንም ትቶታል።

በሶ ለመሬቱ ነገር «ማን ነገረህ?» ነው ያለው። ቀጥሎ ዝም አለ፤ እጁንም ከቆሎው አነሣ። ረጅሙ ልጅ ቶሎ ብሎ ስለ ኳስ ማውራት ጀመረ። ይህንንም ጻፉት፤ ጓደኞቹ ወሬ ሲቀይሩ መስመር መታለፉን እነሱም አውቀዋል ማለት ነው።

4ኛ ደረጃ፦ ፍላጻውን ቁጠሩ፣ «በቃ» የሚባልበትንም ጠብቁ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቱን አውጡና ከሰዳቢው ወደ ተሰዳቢው መስመር አስምሩ። በጨዋታ ጊዜ መስመሮቹ ይዞራሉ፤ ዛሬ ረጅሙ፣ ነገ አጭሩ ይወረፋል። ሁሉም መስመር ወደ አንድ ልጅ የሚሄድ ከሆነ፣ ከእሱ የሚወጣም ከሌለ፣ ቃላቱ ምንም ያህል ቀላል ቢሆኑ ያ ልጅ መሳቂያ ሆኗል። ተቃራኒውንም ተመልከቱ። ሁሉንም የሚሰድብ፣ ሲሰደብ ግን ፊቱ የሚጠቁር ልጅ ካለ፣ ምናልባት ያ ልጅ የእናንተው ይሆናል። ስለዚህ ጉዳይ የጠየቀኝ ወላጅ ገና አላጋጠመኝም፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለተሰዳቢው ነው።

ከዚያ «በቃ» የሚለውን ቃል ጠብቁ። በደህና ቡድን ውስጥ አንዱ ከልቡ «ኧረ በቃ» ሲል ስድቡ ያቆማል ወይም ወደ ሌላ ሰው ይዞራል። ማን ደክሞታል፣ ማን ደግሞ ሲያስመስል ነው የሚለውን ልጆቹ ከእናንተ በተሻለ ያውቃሉ። «በቃ» ከተባለ በኋላ የሚበረታ ከሆነ ግን ጨዋታው አልቋል።

በመጨረሻም ሲለያዩ ተመልከቱ። ከስድቡ በኋላ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይሄዳሉ? ነገም አብረው ይመጣሉ? ወይስ አንዱ ቀድሞ ሹልክ ይላል፣ «ራሴን አመመኝ» ይላል፣ መንገድ ይቀይራል? በሶ ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ቀን ብቻውን ከትምህርት ቤት መጣ።

ከመቀጠላችሁ በፊት፦ ሳትቆጥሩ የምትገቡባቸው ነገሮች

አንዳንድ ስድብ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም። በእኛ አካባቢ የመጀመሪያው «ቡዳ» ነው፤ በተለይ ቤተሰቡ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ ወይም ሸማኔ ለሆነ ልጅ ሲባል። ማጋነን ነው እንዳትሉ የሚያምኑት ሰዎች አሉ፤ በዚህ ምክንያት ጋብቻና አብሮ መብላት የሚከለከሉም አሉ። ስለዚህ ቃሉ ልጁን ወደ ቡድኑ አያስገባውም፤ ያስወጣዋል።

ሌላው የሞተ ሰው ነው። ባለፉት ዓመታት ሐዘን ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። አባቱን ወይም ወንድሙን ያጣን ልጅ በዚያ መተረብ በየትኛውም ቡድን ጨዋታ ሆኖ አላየሁም። የአካል ጉዳትና የእናት ክብርም እዚሁ ይገባሉ። እናትን በተመለከተ ልጆቹ ራሳቸው መስመር አላቸው፤ «እናትህ ሽሮ ስትሠራ ጎረቤት ያስነጥሰዋል» ይሉና ስቀው ያልፋሉ፣ ስለ እናት ገላ ሲነሣ ግን ቡጢ ይነሣል።

5ኛ ደረጃ፦ ልጁን ጠይቁ፣ ግን ፊት ለፊት አይሁን

ወረቀቱ ላይ «እ» ወይም ዝምታ ካለ ጠይቁ። ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ «ማን ሰደበህ?» ካላችሁት መልሱ «ማንም» ነው፤ ጥያቄው ጓደኛውን እንዲከስ ያስገድደዋልና። እጃችሁ ሥራ ይዞ፣ ዓይናችሁ ሌላ ቦታ እያየ ጠይቁ። አክስቲቱ ቡና እየቆላች ነበር።

«ዛሬስ ማን አሸነፈ?»
«በምኑ?»
«በተረቡ ነዋ። አንተን ማን ነው የሚችልህ?»
ሳቀ። ረጅሙን እንዴት እንዳሸነፈው ተረከላት። ቆይታ፦
«ከሁሉም የማይጥምህ የማን ነው?»
«የዚያ አዲሱ ልጅ። እሱ መቀለድ አይችልም፣ አክስቴ።»

የምትፈልጉት ይህንን ዓይነት አረፍተ ነገር ነው። ልጁ ሌሎቹን ከአንዱ ለይቷል። ችግሩ «ጓደኞቹ» ሳይሆኑ አንድ ልጅ ነው፤ እሱም የሰማውን እንጂ የፈጠረውን የማያወራ ልጅ።

6ኛ ደረጃ፦ ከትንሹ እርምጃ ጀምሩ

መጀመሪያ ልጁ ራሱ ይሞክር። አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ «በእኔ እንደፈለግክ፣ ቤተሰቤን ግን ተው።» ሳይጮህ፣ ሳይስቅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ሳቅ ከጨመረበት ጨዋታ መስሏቸው ይቀጥላሉ፤ ከጮኸ ደግሞ መሸነፉ ይሆናል። ከቡድኑ ለሚቀርበው ልጅ ቀድሞ ለብቻው ቢነግረው የተሻለ ነው። በሶ ለረጅሙ ነገረው። አዲሱ ልጅ የመሬቱን ነገር ደግሞ ሲያነሣ ረጅሙ «እሱን ተው ተብለሃል» አለው፤ በዚያው ቀረ። «በሶ» የሚለው ስም ግን እንዳለ ነው፤ ልጁም አልጠላውም።

ካልቀረስ? ቀጣዩ የክፍል ኃላፊ መምህሩ ነው። ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ። «ልጄን ይሰድቡታል» ብትሉን መምህራን ብዙ ማድረግ አንችልም፤ በቀን ስንት ጊዜ እንሰማዋለን። «ይህ ልጅ፣ በዚህ ቀን፣ ይህን አለ፣ በቃ ከተባለም በኋላ ደገመው» ስትሉ ግን የምንይዘው ነገር እናገኛለን። የሌላውን ልጅ ወላጆች ማናገር መጨረሻ ላይ ይሁን። የምትሄዱ ከሆነም ቀን፣ ተረጋግታችሁ፣ ሁለቱም ወገን የሚያከብሩትን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ማታ በሩን ያንኳኳ ወላጅ የልጆችን ነገር የቤተሰብ ነገር ያደርገዋል፤ ልጆቹ በሁለተኛው ቀን ታርቀው አዋቂዎቹ ዓመት ሙሉ ሳይነጋገሩ የቀሩበትን ቤት አውቃለሁ።

ቴሌግራም ላይ ከሆነ

መለያዎቹ ያው ናቸው፣ ግን ጥብቅ ሁኑ። በአፍ የተባለ ተረብ ከሳቁ ጋር ያልፋል። የተጻፈው ይቀራል፤ በማግሥቱ ሳቁን ያልሰማ ሰው ያነበዋል። ሁለት ነገሮችን ጠይቁ፦ በግሩፑ ውስጥ ያሉት ሁሉ ይተዋወቃሉ? ፎቶ ወይም የተቆረጠ ድምፅ ገብቶበታል? የማይተዋወቁ ሰዎች ካሉ ወይም ሳያውቅ የተነሣው ፎቶ ከተለጠፈ፣ እንደ ተረብ አትቁጠሩት። ልጁ ከመውጣቱ በፊት ስክሪንሹት ያንሣ፤ ከወጣ በኋላ ማስረጃ አይኖረውም።

ሴት ልጅ ከሆነች

ሴቶች ልጆችም ፊት ለፊት ሲተራረቡ ከ2ኛ እስከ 4ኛ ያሉት ደረጃዎች ይሠራሉ። ግን በሴቶች መሀል ጠቡ ብዙ ጊዜ በስድብ ሳይሆን በአሽሙርና በመገለል ይመጣል። ስለዚህ ወረቀታችሁ ላይ አንድ ክፍል ጨምሩ፦ ማን አልተጠራችም? ትናንት እየተፎጋገሩ ዛሬ በጨዋ አንደበት የሚያናግሯት ከሆነ፣ ጨዋነቱ ራሱ መጥፎ ምልክት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

*በልጁ ፊት ገብቶ ሰዳቢውን መቆጣት።* ነገ የሚተረበው በእናንተ ነው፤ «እማዬን ጥሩልኝ» እያሉት ይውላሉ።

*«ወንድ አይደለህም? በለው!» ማለት።* በተረብ ሕግ መጀመሪያ እጁን ያነሣ ተሸንፏል። ልጁ እናንተን ሰምቶ ከመታ ጠቡንም ያመጣል፣ ቡድኑንም ያጣል።

*ስሙን ተቀብሎ መጥራት።* አንዳንድ ወላጅ ዘመናዊ ለመሆን «በሶ፣ ና እራት ብላ» ይላል። ስሙ ትርጉም ያለው በእኩዮች መሀል ነው፤ እነሱን በዚያው መመለስ ይችላል። እናንተን መመለስ አይችልም፤ ስለዚህ ከእናንተ አፍ ሲወጣ ስድብ ነው።

*«ቀልድ እኮ ነው፣ ቻለው» ማለት።* ወረቀቱ «ው» ብቻ ከሆነ እንዲህ ማለት አያስፈልጋችሁም፤ ልጁ ራሱ ያውቀዋል። «እ» ካለበት ደግሞ ልጁ ያለበት ነገር ቀልድ እንዳልሆነ ከእናንተ ቀድሞ ያወቀው እሱ ነው። «ለአንተስ ቀልድ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁትና መልሱን እስኪጨርስ ጠብቁ።